በኤጀንሲ በኩል ያመለከቱበትን ሥራ ውሳኔ መጠየቅ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የሚከተሉት መልሶች በአሜሪካ፣ በተለይም በዋሽንግተን ዲሲ እና በአካባቢው፣ በቅጥር ኤጀንሲ በኩል ለቢሮ፣ ለሒሳብ ወይም ለኮምፒውተር ሥራ ቃለ መጠይቅ አድርገው ውሳኔ ለሚጠብቁ ሰዎች የተጻፉ ናቸው።

ያነጋገረኝ ሪክሩተር የኤጀንሲ ሠራተኛ ይሁን የቀጣሪው ሠራተኛ በምን አውቃለሁ?

ሁለቱም ራሳቸውን «ሪክሩተር» ብለው ስለሚያስተዋውቁ ብዙ ሰው አይለያቸውም። ቀላሉ መለያ የኢሜይል አድራሻው ነው። ከ@ ምልክቱ በኋላ ያለው ስም ሥራው ያለበት ድርጅት ስም ከሆነ ሰውየው በአብዛኛው የቀጣሪው ሠራተኛ ነው፤ የሌላ ድርጅት ስም ከሆነ ግን ኤጀንሲ ነው። ንግግሩም ይለየዋል፦ የኤጀንሲ ሰው ስለ ቀጣሪው ሲናገር «ደንበኛችን» ይላል፤ በመጀመሪያው የስልክ ጥሪም የድርጅቱን ስም ሳይጠራ «መሃል ከተማ ያለ አንድ ድርጅት» ብሎ መጀመሩ የተለመደ ነው።

ልዩነቱ ያለው በገንዘቡ ላይ ነው። የኤጀንሲው ሪክሩተር ገቢ የሚመጣው ከደንበኛው እንጂ ከእርስዎ አይደለም። ለቋሚ ሥራ ኤጀንሲው ብዙ ጊዜ የሚያስከፍለው ከመጀመሪያው ዓመት ደመወዝ ከ15 እስከ 25 በመቶ የሚሆነውን ነው፤ ደመወዙ 70,000 ዶላር፣ ስምምነቱም 20 በመቶ ከሆነ ደንበኛው 14,000 ዶላር ይከፍላል። አብዛኞቹ ኤጀንሲዎች ይህን ገንዘብ የሚያገኙት ሰው ሲቀጠር ብቻ ነው። በኮንትራት ሥራ ደግሞ ኤጀንሲው ለእርስዎ በሰዓት ለምሳሌ 32 ዶላር እየከፈለ ደንበኛውን 45 ዶላር ያስከፍላል፤ ከልዩነቱ ላይ የቀጣሪ ግብሩን፣ ኢንሹራንሱንና የራሱን ትርፍ ያወጣል። በዚህ የደብልዩ ቱ ኮንትራት ውስጥ በወረቀት ላይ ቀጣሪዎ ኤጀንሲው ራሱ ነው፤ ወረቀትዎን፣ ክፍያዎንና የግብር ቅጽዎን የሚሰጥዎት እርሱ ነውና።

ስለዚህ ሪክሩተሩ ውሳኔውን ለማወቅ ያለው ጉጉት ከእርስዎ አያንስም። ሆኖም ለዚያው ቦታ ሁለት ወይም ሦስት ሌሎች ሰዎችን አቅርቦ ሊሆን ይችላል፤ ከእነርሱ አንዱ ቢቀጠር ለእርሱ ያው ነው።

ከቃለ መጠይቁ በኋላ ስንት ቀን ልጠብቅ?

ለኤጀንሲው ሪክሩተር ምንም ቀን አይጠብቁ፤ ቃለ መጠይቁ በተጠናቀቀ በአንድ ወይም በሁለት ሰዓት ውስጥ ይደውሉለት። እርሱም ይህንን ጥሪ ይጠብቃል፤ ምክንያቱም ደንበኛው ከመደወሉ በፊት የእርስዎን ስሜት ማወቅ ይፈልጋል። በዚህ ጥሪ ላይ ምን እንደጠየቁዎት፣ የትኛውን ጥያቄ በደንብ እንዳልመለሱ፣ ቦታውን እንደሚፈልጉት ወይም እንደማይፈልጉት ይንገሩት። ያበላሹትን መልስ ከነገሩት ደንበኛው ያንን ነጥብ ሲያነሣ ሪክሩተሩ ሊያብራራው ይችላል፤ ካልነገሩት ግን የሚከራከርበት ነገር የለውም።

ከቃለ መጠይቁ ሳይወጡ «ውሳኔውን መቼ ለማሳወቅ አስባችኋል?» ብለው ጠያቂዎቹን መጠየቅዎን አይርሱ። ከዚያ በኋላ የሚቆጥሩት ከተነገረዎት ቀን ጀምሮ ነው። ቀኑ ካለፈ በኋላ አንድ የሥራ ቀን ጨምረው ለኤጀንሲው መጻፍ ይችላሉ። ቀን ካልተነገረዎት አምስት የሥራ ቀን በቂ ነው።

በቀጥታ ላመለከቱበት ድርጅት ግን ጠበቅ ይበሉ፦ የተባለው ቀን ካለፈ ሁለት ወይም ሦስት የሥራ ቀን ቆይተው አንድ ጊዜ ይጻፉ፤ መልስ ከሌለ ከሳምንት በኋላ አንዴ ይድገሙና በዚያ ይብቃ። እዚያ የሚጽፉት ለሚወስነው ሰው ወይም ከእርሱ አጠገብ ለተቀመጠ ሰው ስለሆነ፣ እያንዳንዱ መልእክት ስለ እርስዎ የሚሰጠው ግምት ውስጥ ይገባል። ለሪክሩተሩ የጻፉትን ደንበኛው አያየውም፤ ከሪክሩተሩ ጋር በሳምንት ሁለት ጊዜ መነጋገር ጥፋት አይደለም።

ለሪክሩተሩ ምን ብዬ ልጻፍ? «አዲስ ነገር አለ?» ማለት አይበቃም?

አይበቃም። «አዲስ ነገር አለ?» የሚለው ጥያቄ «እስካሁን የለም» በሚል መልስ ይዘጋል፤ ሪክሩተሩም ስልኩን ሳያነሣ መልሱን ጽፎ ያልፋል። እርስዎ የሚፈልጉት ለደንበኛው እንዲደውል ነው፤ ለመደወል ደግሞ ምክንያት ያስፈልገዋል። ለቀጣሪው ሃላፊ «እጩዬ ተጨንቃለች» ብሎ መደወል አይችልም። «እጩዬ ሐሙስ ሌላ ቦታ ሁለተኛ ቃለ መጠይቅ አላት፤ እናንተ ከምን ደረሳችሁ?» ብሎ ግን መደወል ይችላል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር የሒሳብ ባለሙያ በኤጀንሲ በኩል ዋሽንግተን ውስጥ ላለ አንድ ማኅበር ማክሰኞ ቃለ መጠይቅ አደረገች። ሥራ አስኪያጇ «እስከሚቀጥለው ማክሰኞ እንወስናለን» አሏት። ማክሰኞ አለፈ፤ ረቡዕም ዝም። ሐሙስ ጠዋት ለሪክሩተሩ እንዲህ የሚል ኢሜይል ጻፈች፦ «ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ስለተጠየቅሁበት የሒሳብ ባለሙያ ቦታ ነው የምጽፈው። ሥራ አስኪያጇ እስከዚህ ማክሰኞ እንደሚወስኑ ነግረውኝ ነበር። ከእርሳቸው ጋር ለመጨረሻ ጊዜ የተነጋገራችሁት መቼ ነው? ከዚህ በኋላ የቀረው ደረጃስ ምንድን ነው? ቦታውን አሁንም እፈልገዋለሁ፤ አሁን ያለሁበትን ሥራ ለመልቀቅ ሁለት ሳምንት ያስፈልገኛል። ሰኞ ከሌላ ድርጅት ጋር ሁለተኛ ቃለ መጠይቅ ስላለኝ ከዚያ በፊት ሁኔታውን ባውቅ ደስ ይለኛል።» በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ሪክሩተሩ ደወለላት። ሥራ አስኪያጇ እርሷን መርጠዋል፤ ነገር ግን ደመወዙን የሚያጸድቁት የፋይናንስ ሃላፊ እስከ ዓርብ ፈቃድ ላይ ነበሩ። ሪክሩተሩ ይህንን ያወቀው ሰኞ የምትለው ቀን ስለተሰጠችውና ስለደወለ ነው፤ እስከዚያ ሰዓት ድረስ እርሱም የሚያውቀው ነገር አልነበረም።

በመልእክቱ ውስጥ ሥራውን የሠሩት ሁለቱ ጥያቄዎች ናቸው። «መቼ ተነጋገራችሁ?» የሚለው፣ ሪክሩተሩ መረጃ ይዞ ይሁን ገምቶ እንደሚናገር ይለያል። «ምን ቀረ?» የሚለው ደግሞ «አልወሰኑም» በሚለው ቃል ሥር ያለውን ነገር ያወጣል። እዚህ ላይ ስለ እኛው ልማድ አንድ ነገር ልበል፦ በይሉኝታ ምክንያት ብዙዎቻችን መልእክቱን «ስላስቸገርኩ ይቅርታ» ብለን ጀምረን «መልስ ካልተገኘም ችግር የለውም» ብለን እንጨርሳለን። በአማርኛ ጨዋነት የሆነው ይህ አነጋገር በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ቦታውን ብዙም እንዳልፈለግነው ሆኖ ይነበባል።

በስልክ፣ በኢሜይል ወይስ በቴክስት ልጠይቅ?

ሪክሩተሩ ራሱ ባነጋገረዎት መንገድ ይጠይቁ። ቴክስት የሚልክልዎት ከሆነ ቴክስት ተገቢ ነው። ቀን ያለበት ጉዳይ ሲሆን ግን ይደውሉና የተባባሉትን በአጭር ኢሜይል ያስቀምጡት። ለቀጣሪው በቀጥታ ሲጽፉ ኢሜይል ብቻ ይጠቀሙ፤ የሃላፊን የግል ስልክ ፈልጎ መደወል ወይም በሊንክድኢን መከታተል አይመከርም።

«ደንበኛው ገና አልወሰነም» ማለት ምን ማለት ነው?

ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር ቢያንስ አራት የተለያዩ ነገሮችን ይሸፍናል። ደንበኛው በእርግጥ ሌሎች ሰዎችን እየጠየቀ ሊሆን ይችላል። እርስዎ ሁለተኛ ምርጫ ሆነው የመጀመሪያው ሰው መልስ እየተጠበቀ ሊሆን ይችላል፤ ይህንን ማንም በግልጽ አይነግርዎትም። የሥራ ቦታው ራሱ በበጀት ምክንያት ታግዶ ይሆናል። ወይም ሪክሩተሩ ከደንበኛው ምንም ሳይሰማ ይህንኑ የሚናገረው ለማረጋጋት ብቻ ነው። የሚለይዎት መልሱ ዝርዝር መያዙ ነው። «ዓርብ ሁለት ሰዎች ይጠየቃሉ፤ ሰኞ ይወስናሉ» ያለዎት ሰው ከደንበኛው ጋር ተነጋግሯል። ለሦስተኛ ጊዜ ያንኑ ቃል የደገመልዎት ሰው አልተነጋገረም።

አንዳንድ ጊዜ ጥፋቱ የሪክሩተሩ አይደለም። በብዙ ኤጀንሲዎች ሰው የሚፈልገውና ደንበኛውን የሚያነጋግረው ሠራተኛ የተለያዩ ናቸው፤ ደንበኛውን የሚይዘው «አካውንት ማናጀር» ይባላል፤ እርስዎን የሚያነጋግረው ሪክሩተር ወሬውን የሚሰማው ከእርሱ ነው። ትልልቅ ድርጅቶች ደግሞ የኮንትራት ሠራተኞችን የሚቀጥሩት እንደ ፊልድግላስ ወይም ቢላይን ባሉ ሲስተሞች አማካይነት ነው። እዚያ ኤጀንሲው ሪዙሜውን ሲስተሙ ላይ ይጭናል፤ ብዙ ጊዜም ከሃላፊው ጋር በቀጥታ እንዳይነጋገር ተከልክሎ በመሃል ባለ አስተባባሪ ድርጅት በኩል ብቻ ይጠይቃል። ስለዚህ «ይህ ቦታ በሲስተም የሚሄድ ነው ወይስ ሃላፊውን በቀጥታ ታነጋግራላችሁ?» ብለው በመጀመሪያው ጥሪ ይጠይቁ። በሲስተም የሚሄድ ከሆነ በየሁለት ቀኑ መጠየቅ ትርፉ ድካም ነው፤ በሳምንት አንዴ ይበቃል።

በዋሽንግተን አካባቢ ሌላም ምክንያት አለ። ብዙ ኤጀንሲዎች የሚያቀርቡት ሰው ለፌዴራል መንግሥት ኮንትራክተሮች ነው፤ ኮንትራክተሩ ጨረታውን ገና ሳያሸንፍ ሪዙሜዎችን ሰብስቦ ሊያስገባ ይችላል። ያኔ ቃለ መጠይቁ ጥሩ ቢሆንም ሥራው የሚኖረው ኮንትራክተሩ ጨረታውን ሲያሸንፍ ነው። የፌዴራል መንግሥት የበጀት ዓመት የሚጀምረው በፈረንጆች ጥቅምት 1 ቀን ስለሆነ፣ በመስከረም መጨረሻ በጀቱ ካልጸደቀ አዳዲስ ሥራዎች ወራት ሊቆዩ ይችላሉ። «ኮንትራቱ ተፈርሟል ወይስ እየተጠበቀ ነው?» የሚለው ጥያቄ እዚህ ላይ ከብዙ ሳምንት ጭንቀት ያድናል።

ለጠየቁኝ ሰዎች የምስጋና ኢሜይል በቀጥታ መላክ እችላለሁ?

በቀጥታ ባመለከቱበት ሥራ አዎ፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢልኩት የተለመደ ነው። በኤጀንሲ በኩል ሲሆን መጀመሪያ ሪክሩተሩን ይጠይቁ። አብዛኞቹ ምስጋናውን ለእነርሱ እንዲልኩላቸውና ራሳቸው እንዲያስተላልፉት ይመርጣሉ። የጠያቂው አድራሻ በካሌንደር ግብዣው ላይ ስላለ ብቻ መላክ ይገባል ማለት አይደለም። ቢፈቀድልዎትም በምስጋናው ውስጥ ስለ ደመወዝ፣ ስለ መጀመሪያ ቀን ወይም ስለ ውሳኔ ምንም አይጻፉ፤ እነዚህ ሦስቱ የኤጀንሲው ጉዳይ ናቸው።

ሪክሩተሩን አልፌ ቀጣሪውን በቀጥታ ብጠይቅ ምን ይጎዳኛል? ሕግ ይከለክለኛል?

የሚከለክልዎት ሕግ የለም። የሚያስረው ኤጀንሲውና ደንበኛው የፈረሙት ውል ነው። በዚያ ውል ኤጀንሲው ያቀረበውን ሰው ደንበኛው በተወሰነ ጊዜ ውስጥ፣ ብዙ ጊዜ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት፣ በየትኛውም መንገድ ቢቀጥረው ክፍያው ይጠየቃል። እርስዎም ሪዙሜዎ ከመላኩ በፊት «በዚህ ቦታ ኤጀንሲው እንዲወክለኝ ፈቅጃለሁ» የሚል ኢሜይል መልሰው ሊሆን ይችላል። በኢሜይል ሳጥንዎ ውስጥ ፈልገው ያንብቡት፤ ከደንበኛው ጋር በቀጥታ ላለመነጋገር መስማማትዎ ተጽፎበት ከሆነ ቃልዎ ነው።

በተግባር የሚሆነው እንዲህ ነው። ሃላፊው ኢሜይልዎን ለሰው ኃይል ክፍል ያስተላልፋል። የሰው ኃይል ክፍሉ ኤጀንሲውን «ሰውዬአችሁ ለምን እኛ ጋ ይጽፋል?» ብሎ ይጠይቃል። ኤጀንሲው ደግሞ እርስዎ ክፍያውን ለማስቀረት በጎን እየሄዱ እንደሆነ ይጠረጥራል፤ ባይሆን እንኳ ደንበኛው ፊት አሳፍረውታል። ደንበኛው ኤጀንሲ የሚቀጥርበት አንዱ ምክንያት ከእጩዎች የሚመጡ ጥሪዎችን ላለመቀበል መሆኑንም አይርሱ። ያተረፉት ነገር ቢኖር «ኤጀንሲውን ጠይቁ» የሚል አጭር መልስ ነው።

የገንዘቡ ነገርም ያስቸግራል። በኮንትራት ሥራ ሃላፊው የሚያውቀው 45 ዶላሩን፣ እርስዎ የሚያውቁት 32 ዶላሩን ነው። በቀጥታ ንግግር ውስጥ አንዳችሁ ቁጥር ከጠራችሁ ሦስታችሁም ወደማትፈልጉት ክርክር ትገባላችሁ።

ሃላፊው ራሱ በቀጥታ ቢጽፍልኝ ወይም ቢደውልልኝስ?

ይመልሱ፤ ዝም ማለት ነውር ነው። ስለ ሥራው ይዘት ከጠየቀዎት በነፃነት ይመልሱ። ስለ ደመወዝ ወይም ስለ ኦፈር ካነሣ «ይህንን ከኤጀንሲው ጋር ብትነጋገሩበት እመርጣለሁ፤ እኔም አሁኑኑ አሳውቃቸዋለሁ» ይበሉ፤ በዚያው ሰዓትም ለሪክሩተሩ ይንገሩ። «ለኤጀንሲው አትንገር፤ በቀጥታ እንቅጠርህ» የሚል ሃላፊ ካጋጠመዎት ግን ይጠንቀቁ። ከኤጀንሲ ጋር የፈረመውን ውል የሚዘል ሰው ከእርስዎ ጋር የሚገባውን ቃል እንዴት እንደሚያከብር ማሰብ ያስፈልጋል።

ሌላ ኦፈር ደርሶኛል፤ የመጀመሪያውን ለማፋጠን እንዴት ልንገር?

በኤጀንሲ በኩል መሆን በጣም የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ቀጣሪውን በቀጥታ «ሌላ ኦፈር አለኝ» ማለት በጥንቃቄ ካልተጻፈ እንደ ማስፈራሪያ ይነበባል። ሪክሩተሩ ሲናገረው ግን ተራ የገበያ ወሬ ነው፤ ሥራውም ይኸው ነው። ኦፈሩ በደረሰዎት ቀን ይደውሉና ሦስት ነገሮችን ብቻ ይንገሩት፦ መልስ መስጠት ያለብዎት መቼ እንደሆነ፣ ከሁለቱ የትኛውን እንደሚመርጡ፣ ደንበኛው በዚህ መጠን ቢያቀርብ ይቀበሉ እንደሆነ። የመጨረሻው ወሳኝ ነው፤ ሪክሩተሩ «ካቀረባችሁ ትቀበላለች» ብሎ ለመናገር የሚደፍረው እርስዎ አስቀድመው ካረጋገጡለት ብቻ ነው።

የድርጅቱን ስም መናገር ግዴታዎ አይደለም። ሪክሩተሩ ቢጠይቅዎትም የሚጠይቀው ብዙ ጊዜ እዚያ ክፍት ቦታ ካለ ሌላ ሰው ለማቅረብ ነው። የሌለ ኦፈር ግን አይፍጠሩ፤ ደንበኛው «እንግዲያው መልካም ዕድል» ካለ የሚመለሱበት መንገድ የለም።

ሪክሩተሩ ጠፋ፤ ኢሜይልም ስልክም አይመልስም። አሁንስ ለቀጣሪው ልጻፍ?

ገና ነው፤ በመሃል አንድ ደረጃ አለ። ሪክሩተሮች ሥራ በብዛት ይለቃሉ፤ የጠፋው ሰው ከኤጀንሲው ወጥቶ ሊሆን ይችላል። ወደ ኤጀንሲው ዋና ስልክ ይደውሉና «ለዚህ ደንበኛ አካውንት ማናጀሩ ማን ነው?» ብለው ይጠይቁ። ይህ ሰው ደንበኛውን በቀጥታ የሚያነጋግረው ስለሆነ ብዙ ጊዜ ሪክሩተሩ ያልነበረውን መልስ ይሰጥዎታል። ሁኔታውን በሁለት ዓረፍተ ነገር ይንገሩት፤ በሪክሩተሩ ላይ ክስ አያቅርቡ።

ሁለት ኢሜይልና አንድ ጥሪ ያለ መልስ ካለፉ፣ አካውንት ማናጀሩም ካልመለሰ፣ የተባለው ቀንም ሁለት ሳምንት ካለፈው ለቀጣሪው መጻፍ ተገቢ ነው። የሚጽፉት ለሃላፊው ሳይሆን ለሰው ኃይል ክፍል ነው፤ የኤጀንሲውንም ስም በግልጽ ይጥቀሱ። «በዚህ ኤጀንሲ በኩል በዚህ ቀን ለዚህ ቦታ ቃለ መጠይቅ አድርጌያለሁ። ኤጀንሲውን ደጋግሜ ለማግኘት ሞክሬ አልተሳካልኝም። ማመልከቻዬ አሁንም በኤጀንሲው በኩል መሆኑን አውቃለሁ፤ የምጠይቀው ቦታው ክፍት መሆኑንና ማንን ማነጋገር እንዳለብኝ ብቻ ነው።» ኤጀንሲውን መጥቀስዎ ክፍያውን ለመደበቅ እንዳልሞከሩ በጽሑፍ ያረጋግጣል። ግልባጩን ለሪክሩተሩ ያድርጉ፤ የጠፋ ሪክሩተር በዚህ ግልባጭ ምክንያት በአንድ ሰዓት ውስጥ ሲገኝ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም።

ለዚያው ቦታ በቀጥታም አመልክቼ ነበር፤ ወይም ሁለት ኤጀንሲ አቅርቦኛል። ማንን ነው የምጠይቀው?

በመጀመሪያ ይህንን ለኤጀንሲው ይንገሩ፤ መደበቁ ነው የሚያባብሰው። አንድ ሰው በሁለት መንገድ ሲቀርብ ደንበኛው «ክፍያው ለማን ነው?» ወደሚል ክርክር ላለመግባት ሁለቱንም ማመልከቻዎች ሊጥላቸው ይችላል፤ እርስዎም የሚሰሙት ዝምታ ብቻ ነው። ብዙ ድርጅቶች መጀመሪያ የገባውን ስለሚቀበሉ ቀን የያዘ ማስረጃ ያስፈልጋል፦ በቀጥታ ያመለከቱ ከሆነ ከድርጅቱ ድረ ገጽ የመጣልዎት የማረጋገጫ ኢሜይል፣ በኤጀንሲ ከሆነ «ወክሉኝ» ያሉበት ኢሜይል።

በቀጥታ ያመለከቱት አስቀድሞ ከሆነ ውሳኔውን የሚጠይቁት ከቀጣሪው የሰው ኃይል ክፍል ነው፤ ኤጀንሲው ግን ቃለ መጠይቁን አዘጋጅቶ ከሆነ ነገሩ ይለወጣል፤ ያኔ የሚያነጋግሩት ኤጀንሲውን ነው። ለወደፊቱ የቦታውን መለያ ቁጥር ሳይጠይቁ ለማንም «ወክለኝ» አይበሉ፤ ኤጀንሲዎች አንዱን ቦታ በተለያየ ስም ስለሚያስተዋውቁት ሁለት ሥራ የመሰለዎት አንድ ሊሆን ይችላል።

ኦፈር ከተሰጠኝና ባክግራውንድ ቼክ ከተጀመረ በኋላ ዝም ካሉስ?

እዚህ ላይ ከዚህ በፊት ያልነበረዎት መብት አለዎት። አንድ ቀጣሪ አመልካችን ለምን እንዳልቀጠረ የመንገር አጠቃላይ ግዴታ በፌዴራል ሕግ የለበትም። ነገር ግን ከውጭ ድርጅት ባሠራው የባክግራውንድ ሪፖርት ምክንያት ሊከለክልዎት ካሰበ፣ ፌር ክሬዲት ሪፖርቲንግ አክት የተባለው ሕግ ከመወሰኑ በፊት የሪፖርቱን ቅጂና የመብትዎን ማጠቃለያ እንዲሰጥዎት ያስገድደዋል። ይህንን የሚልከው ሪፖርቱን ያዘዘው ወገን ነው፤ በደብልዩ ቱ ኮንትራት ብዙ ጊዜ ኤጀንሲው፣ በቋሚ ሥራ ደግሞ ቀጣሪው ራሱ።

ስለዚህ ጥያቄዎ «ውሳኔው ምን ሆነ?» ሳይሆን «ሪፖርቱን ያሠራው ማነው? ተጠናቋል ወይ? ያልተሟላ ነገር አለ ወይ?» የሚል ይሁን። ለእኛ በተደጋጋሚ የሚያዘገየው ከኢትዮጵያ የመጣ ዲግሪና የቀድሞ ሥራ ማረጋገጫ ነው፤ ማጣሪያ ድርጅቱ ለዩኒቨርሲቲው ጽፎ መልስ ሲጠብቅ ሳምንታት ያልፋሉ። በስምዎ ላይም ችግር ሊኖር ይችላል፦ የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ሲመዘገብ፣ አንድ ስም በሁለት ዓይነት የእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ መዝገቦቹ አይገናኙም። የዲግሪውን ቅጂ፣ የተተረጎመውን ትራንስክሪፕትና በፓስፖርትዎ ላይ ያለውን አጻጻፍ በዚያው ኢሜይል አያይዘው ይላኩ። በሪፖርቱ ላይ ስህተት ካገኙ ተቃውሞዎን የሚያቀርቡት ሪፖርቱን ላዘጋጀው ድርጅት ነው፤ በአብዛኛው በ30 ቀን ውስጥ መርምሮ መመለስ አለበት። ተቃውሞ ማቅረብዎን በዚያው ቀን ለሪክሩተሩ ያሳውቁና እስኪጣራ ድረስ ቦታው እንዲቆይልዎት ከደንበኛው ጋር እንዲነጋገር ይጠይቁት።